ኦዱ መስመሩን ሲሻገር ብቻ የሚጮህ ማንቂያ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ደሴ ፒያሳ አካባቢ የሞባይል ጥገና ሱቅ አለኝ። ከዘ ኦድስ ኤፒአይ ነጻውን ቁልፍ አውጥቼ በፓይተን ስክሪፕት ጻፍኩ። በየደቂቃው የፕሪሚየር ሊግን ኦድ ያነባል፤ የመረጥኩት ቡድን 2.20 ወይም ከዚያ በላይ ሲገባ በቴሌግራም ይልክልኛል። ክልሉን eu,uk፣ ገበያውን h2h,totals ብዬ ከሁሉም የውርርድ ቤቶች ትልቁን ዋጋ ነው የምወስደው። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አስነሳሁት። ትንሽ ቆይቶ ያንኑ መልእክት በየደቂቃው ይደጋግምልኝ ጀመር፤ ከ5 ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ደግሞ ጭራሽ ዝም አለ። ስክሪፕቱ አልቆመም፣ ስህተትም አላሳየም። ጨዋታው 12 ሰዓት ነበር፤ ማታ 1 ሰዓት ላይ ሱቅ ዘግቼ ሳይ ቡድኑ 2.30 ገብቷል። ኔትወርኩ ነው? ከፍዬ ብገዛው ይስተካከላል? ወይስ ትቼው የውርርድ ቤታችንን ድረ ገጽ በቀጥታ ላንብብ?»

መልስ፦

ኔትወርኩ አይደለም። ከ5 ሰዓት በኋላ የመጣው ዝምታ አንተው ከጻፍከው አድራሻ ላይ ተሰልቶ የሚወጣ ነው። በዚህ አገልግሎት አንድ ጥሪ ሁልጊዜ አንድ ክሬዲት አይደለም፤ የጠየቅከው የገበያ ብዛት በክልሉ ብዛት ተባዝቶ ይቆረጣል። ሁለት ክልል እና ሁለት ገበያ ስለጠየቅክ እያንዳንዱ ጥሪ አራት ክሬዲት በልቷል። ነጻው ቁልፍ በወር 500 ክሬዲት አለው። 500 ለ4 ሲካፈል 125 ጥሪ ነው፤ በየደቂቃው አንድ ከሆነ 125 ደቂቃ፣ ማለትም ሁለት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ። 3 ሰዓት ላይ የተነሳ ስክሪፕት 5 ሰዓት ከ5 ላይ ባዶ ይሆናል። ያለቀው ደግሞ የዕለቱ ሳይሆን የወሩ ነው።

ስህተት አላሳየም ያልከው ስክሪፕትህ ስህተቱን ስለዋጠው ይመስለኛል። ኮዱን ባላየውም except: pass የሚል መስመር ሳይኖርበት አይቀርም። ክሬዲት ሲያልቅ አገልጋዩ ዝም አይልም፤ 401 ብሎ ምክንያቱን በጽሑፍ ይመልሳል። ያንተ ስክሪፕት የግጥሚያ ዝርዝር ጠብቆ የስህተት ጽሑፍ ሲያገኝ ይሰናከላል፣ ስህተቱን ይውጠዋል፣ አንድ ደቂቃ ይተኛል፣ ደግሞ ይጠይቃል። ከውጭ ለሚያየው ሰው እየሠራ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምታጠፋው መስመር ያንን ነው። ቀጥሎ ከእያንዳንዱ መልስ ራስጌ ላይ x-requests-remaining እና x-requests-last የሚሉትን ሁለት ቁጥሮች አንብበህ ፋይል ላይ ጻፋቸው። የመጀመሪያው የቀረህን፣ ሁለተኛው የመጨረሻው ጥሪ የበላብህን ይነግርሃል። ሁለተኛውን አንድ ጊዜ ብታየው ኖሮ 4 የሚለውን አይተህ 3 ሰዓት ከ1 ላይ ታቆመው ነበር። 401 ሳይሆን 429 ካየህ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በፍጥነት ደጋግመህ ጠይቀሃል ማለት ስለሆነ ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ መሞከር ይበቃል።

ከፍለህ ብትገዛ ዝምታው ይዘገያል እንጂ ድግግሞሹ አይቀርም፤ እንዲያውም በየደቂቃው የሚመጣው መልእክት የገዛኸው ክሬዲት እስኪያልቅ ይቀጥላል። ስለዚህ ገንዘቡን ያዘውና አስቀድመህ የምትጠይቀውን አሳንስ።

የጎል ብዛት ገበያውን፣ totals የሚለውን፣ ለምን እንደጨመርከው አልገባኝም፤ ማንቂያህ የሚያየው h2h የሚለውን የአሸናፊ ገበያ ብቻ ስለሆነ አይጠቀምበትም፣ ሂሳቡን ግን እጥፍ አድርጎታል። አውጣው። ክልልን ትተህ ደግሞ አንድ ቤት በስሙ ጥራ። አድራሻው እንዲህ ይሆናል፤

```
https://api.the-odds-api.com/v4/sports/soccer_epl/odds?apiKey=KEY&bookmakers=pinnacle&markets=h2h&oddsFormat=decimal
```

በስም የተጠሩ እስከ አስር ቤቶች እንደ አንድ ክልል ስለሚቆጠሩ ይህ ጥሪ አንድ ክሬዲት ብቻ ነው። የሚመጣውም ጽሑፍ በጣም ስለሚያንስ የሞባይል ዳታህን አይጨርስም።

አንድ ቤት ምረጥ የምልህ ግን ክሬዲት ለመቆጠብ ብቻ አይደለም። ከሁሉም ቤቶች ትልቁን መውሰድ ጥሩ ይመስላል፤ የምታየው ግን የገበያውን እንቅስቃሴ ሳይሆን በዚያች ደቂቃ ከሁሉም ያፈነገጠውን ቤት ነው። አንዱ ቤት ዋጋውን ለጊዜው ሲያነሳ ትልቁ ቁጥር ይወርዳል፤ ሲመልሰው ይወጣል፤ የቡድኑ ዕድል ግን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ከዚህም የከፋ ወጥመድ አለ። ከቤቶቹ መካከል ተወራራጆች እርስ በርስ የሚገበያዩባቸው መድረኮች ይገኙበታል፤ ለእነሱ አገልግሎቱ ሳትጠይቀው h2h_lay የሚል ሁለተኛ ገበያ አብሮ ይልካል። ያ ዋጋ ቡድኑ አያሸንፍም ብሎ ለሚወራረድ ነው፤ የቡድኑ ስም ያው ነው፣ ቁጥሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል። ስክሪፕትህ የገበያውን መለያ ሳያይ በቡድን ስም ብቻ ፈልጎ ትልቁን ከወሰደ፣ ቅዳሜ ከላከልህ መልእክቶች መካከል የተወሰኑት አንተ ልትወራረድበት የማትችለውን ዋጋ የነገሩህ ሊሆኑ ይችላሉ። market["key"] == "h2h" የሚል ማጣሪያ አሁኑኑ አስገባ።

አንድ ክሬዲት ከሆነም በኋላ በየደቂቃው መጠየቅ ወሩን በስምንት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይጨርሰዋል። ጥያቄውን በጊዜ ማከፋፈል አለብህ። የፕሪሚየር ሊግ ኦድ አርብ ሌሊት ብዙም አይነቃነቅም፤ የሚናወጠው አሰላለፍ ሲወጣ ነው፣ እሱም ከጨዋታው ከአንድ ሰዓት በላይ ቀደም ብሎ ይፋ ይሆናል። ያንተን የ12 ሰዓት ጨዋታ እንውሰድ። ከአርብ ምሽት 12 ሰዓት እስከ ቅዳሜ ቀን 9 ሰዓት በየሰዓቱ አንድ ጊዜ ካነበብክ 21 ጥሪ ነው። ከ9 እስከ 10 ሰዓት ተኩል በየአስር ደቂቃው 9። ከ10 ተኩል እስከ ጨዋታው መጀመሪያ በየሁለት ደቂቃው 45። ድምሩ 75 ነው፤ በወር ስድስት የተለያየ የመነሻ ሰዓት ያላቸው ጨዋታዎችን ተከታትለህ 50 ክሬዲት ይተርፍሃል። አንዱ ጥሪ የሊጉን መጪ ጨዋታዎች አንድ ላይ ስለሚያመጣ በአንድ ሰዓት የሚጀምሩ አምስት ግጥሚያዎችም በዚያው 75 ይታያሉ። መነሻ ሰዓቱን ለማወቅ ደግሞ ክሬዲት አታባክን፤ በዚያው አድራሻ odds የሚለውን events ብለህ ብትተካው የግጥሚያዎቹን ዝርዝርና ሰዓት ያለ ክፍያ ይሰጥሃል።

ሰዓት ካነሳን፣ commence_time የሚለው ቁጥር የሚመጣው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለችው ዜድ እሱን ታመለክታለች። 15:00 ካለ ለእኛ ሦስት ሰዓት ጨምረህ 18:00፣ በአበሻ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። እንግሊዞች በበጋቸው ሰዓታቸውን አንድ ስለሚያሳልፉ የእነሱ የ9 ሰዓት ጨዋታ አንዳንዴ ለእኛ 11፣ አንዳንዴ 12 ላይ ይገባል፤ ኳስ ተመልካች ሁሉ ያውቀዋል። ስክሪፕትህ ውስጥ ግን ስሌቱን ሁሉ በዓለም አቀፉ ሰዓት ሥራና ወደ እኛ ሰዓት የምትቀይረው መልእክቱን ስትጽፍ ብቻ ይሁን። መንታ ሰዓት ኮድ ውስጥ ከገባ ስድስት ሰዓት የሚሳሳትበት ቀን ይመጣል።

ይኸው ሰዓት ሌላም ነገር ይነግርሃል። ማታ 1 ሰዓት ላይ ያየኸው 2.30 ያመለጠህ ዋጋ አይደለም። ጨዋታው ከተጀመረ አንድ ሰዓት ሆኖታል፤ ያ በጨዋታ ውስጥ የሚሰጥ ኦድ ነው፣ ጎል ሲገባና ደቂቃው ሲገፋ እንደገና የሚሰላ። ከኤፒአዩ የሚመጣው ፊድ ጨዋታው ከተጀመረም በኋላ ዋጋ መላኩን ሊቀጥል ይችላል፣ ስለዚህ የመነሻው ሰዓት ካለፈ ማንበብ የሚያቆም መስመር ያስፈልግሃል። ያለዚያ ማንቂያው ከጨዋታው በፊት ዝም ብሎ ሰንብቶ ቡድንህ ጎል ሲቆጠርበት መጮህ ይጀምራል።

አሁን ወደ ድግግሞሹ። አንተ የጻፍከው «ዋጋው 2.20 ወይም በላይ ከሆነ ላክ» የሚል ነው። የፈለግከው ግን «ከ2.20 በታች የነበረው ወደ ላይ ሲወጣ ላክ» ነው። ሁለቱ ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው ያለበትን ይጠይቃል፣ ሁለተኛው ከየት እንደመጣ። ከየት እንደመጣ ለማወቅ ደግሞ ስክሪፕቱ ያለፈውን ማስታወስ አለበት። ያንተው ምንም አያስታውስም፤ በየደቂቃው እንደ አዲስ ይወለዳል፣ ቁጥሩን ያያል፣ ይደነግጣል፣ ይልካል።

ይህን ብቻ ማስተካከል ግን አይበቃም። እንዲህ የሚሄድ ዋጋ ውሰድ፦ 2.16፣ 2.20፣ 2.20፣ 2.18፣ 2.20፣ 2.18፣ 2.21፣ 2.12፣ 2.22። ያንተ አጻጻፍ አምስት ጊዜ ይልካል። መሻገርን ብቻ የሚያይ ስክሪፕት አራት ጊዜ ይልካል፤ ምክንያቱም ዋጋው መስመሩ ላይ ቆሞ ከ2.18 ወደ 2.20 ወደ ኋላ ወደ ፊት ይላል፣ እያንዳንዱም መንቀጥቀጥ መሻገር ነው። ኦድ ደግሞ መስመር ላይ ሲደርስ እንዲህ መንቀጥቀጡ የተለመደ ነው፤ ቤቱ ገንዘብ ሲገባበት በትንሹ ያወርደዋል፣ ሲበርድ ይመልሰዋል።

መፍትሔው ሁለት መስመር ማስመር ነው። ማንቂያውን እንደ ወጥመድ አስበው፤ 2.20 ሲነካ ይፈናጠራል፣ አንዴ ከተፈናጠረ ደግሞ ዋጋው እስከ 2.14 ካልወረደ ዳግም አይጠመድም። በላይኛው ምሳሌ መጀመሪያ 2.20 ሲገባ ይልካል። ከዚያ በ2.18 እና በ2.21 መካከል የሚደረገው ሁሉ አይመለከተውም። 2.12 ሲገባ እንደገና ይጠመዳል፣ 2.22 ሲመጣ ሁለተኛውን መልእክት ይልካል። ሁለት መልእክት፣ ሁለቱም እውነተኛ እንቅስቃሴ። ኮዱ አጭር ነው፤

```python
def step(armed, price, up=2.20, reset=2.14):
    if armed and price >= up:
        if send(price):
            return False
    elif not armed and price <= reset:
        return True
    return armed
```

በሁለቱ መስመሮች መካከል ምን ያህል ክፍተት ይኑር ለሚለው የሁሉም ጨዋታ መልስ የለም። ዘዴው የራስህን ንባብ ማየት ነው። ለጥቂት ጨዋታዎች ዋጋውን ብቻ መዝግብ፤ ጸጥ ባለ ሰዓት በሁለት ተከታታይ ንባቦች መካከል የሚታየው ተራ መንቀጥቀጥ 0.02 ከሆነ ክፍተቱን ሦስት እጥፍ፣ 0.06 አድርገው። እኔ 2.14 ያልኩት ከዚህ ተነስቼ ነው። ኦዱ 6 እና 7 አካባቢ ለሚዋልል ደካማ ቡድን ግን 0.06 ምንም አይደለም፤ እዚያ አንዱ ተራ እንቅስቃሴ ራሱ ከዚያ ይበልጣል። ቋሚ ቁጥር ሳይሆን የመቶኛ ድርሻ ብታስብ ይሻልሃል፤ ከመስመሩ ሦስት በመቶ ገደማ ዝቅ ማለት ለመነሻ አይከፋም።

በኮዱ ላይ send ከተሳካ በኋላ ብቻ ማንቂያው እንደሚፈናጠር ልብ በል። ቅደም ተከተሉን ገልብጠው መጀመሪያ «ልኬያለሁ» ብለው መዝግበው ከዚያ የሚልኩ ስክሪፕቶች አሉ፤ በመካከል ኔትወርክ ከተቆረጠ መልእክቱ አይደርስም፣ ስክሪፕቱ ግን ልኬያለሁ ብሎ ያምናል። ቴሌግራም መልእክቱን ሲቀበል "ok": true ብሎ ይመልሳል። send እውነት መመለስ ያለበት እሱን ካየ ብቻ ነው። በዚህ አሠራር አልፎ አልፎ አንድ መልእክት ሁለት ጊዜ ሊደርስህ ይችላል። ይሁን፤ ሁለት ጊዜ መድረሱ ከመቅረቱ ይሻላል።

armed የሚለው ሁኔታ ደግሞ በስክሪፕቱ ሆድ ውስጥ ብቻ ከኖረ መብራት በሄደ ቁጥር ይጠፋል። ከእያንዳንዱ ንባብ በኋላ የግጥሚያውን መለያ፣ የመጨረሻውን ዋጋ፣ የተነበበበትን ሰዓትና የማንቂያውን ሁኔታ ፋይል ላይ ጻፍ፤ ኤስኪውላይት ከፓይተን ጋር አብሮ ስለሚመጣ እሱን ተጠቀም። ለምን እንደሚያስፈልግህ በምሳሌ ላሳይህ። 9 ሰዓት ላይ 2.12 አነበበ፣ መብራት ሄደ፣ 11 ሰዓት ላይ ተመልሶ 2.24 አገኘ። ሁኔታው ተጽፎ ከሆነ ማንቂያው እንደተጠመደ ስለሚያውቅ ወዲያው ይልካል። መልእክቱ ላይ ግን «ከ9 እስከ 11 አላነበብኩም» የሚል እንዲጨምር አድርግ፤ ዋጋው መቼ እንደተሻገረ አታውቅምና አሁን የወጣ አድርገህ እንዳታየው። ምንም ያልተጻፈበት አዲስ ግጥሚያ ከሆነና የመጀመሪያው ንባብ ራሱ ከመስመሩ በላይ ከሆነ ደግሞ «ስጀምር ከመስመሩ በላይ ነበር» ብሎ አንድ ጊዜ ይንገርህና ይፈናጠር።

መብራት ካልኩ፣ ላፕቶፕ ባትሪ አለው ብለህ አትተማመን። መብራት ሲሄድ የሱቁ ራውተር አብሮ ይጠፋል፤ ላፕቶፑ በርቶ ኔትወርክ የሌለው ሣጥን ይሆናል። ውጭ አገር ሰርቨር መከራየት የሚመከር ነገር ነበር፣ ግን በዶላር ካርድ የሚከፈል ነገር ለአንተ ከዚህ ሥራ የሚበልጥ ራስ ምታት ነው። ያንተ ሙያ ነው መልሱን የያዘው። ስክሪኑ ጥጉ ላይ የተሰነጠቀ፣ ባትሪው ግን ደህና የሆነ አንድሮይድ ስልክ ሱቅህ ውስጥ አታጣም። በስልክ ላይ ፓይተን የሚያስኬደውን ተርመክስን ኤፍድሮይድ ከሚባለው የመተግበሪያ መደብር ጫንበት፣ ሲም አስገባበት፣ ቻርጀር ላይ አኑረው። መብራት ቢሄድ በባትሪው እና በሞባይል ዳታው ይቀጥላል።

```
pkg install python
termux-wake-lock
python odds.py
```

ሁለተኛውን መስመር ካላዘዝክ ስልኩ ስክሪኑ ሲጠፋ ስክሪፕቱንም ያስተኛዋል። ከዚያም በላይ በስልኩ ቅንብር ውስጥ ለተርመክስ የባትሪ ቁጠባን አጥፋ፤ አንዳንድ ስልኮች ያለዚያ ከጀርባ የሚሠራን መተግበሪያ ሳይነግሩህ ይዘጉታል። ቀንና ሌሊት ተሰክቶ የሚውል ባትሪ እንደሚያብጥ ለአንተ አልነግርህም፤ ጀርባውን አልፎ አልፎ እየው። የሞባይል ዳታ ከተማው ላይ ሲቋረጥ ግን ይህም አይረዳህም፤ ያኔ ንባቡም ቴሌግራሙም አብረው ይቆማሉ።

ስለዚህ ዝምታው ራሱ ትርጉም እንዲኖረው አድርግ። በየቀኑ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አንድ አጭር መልእክት ይላክልህ፦ እየሠራሁ ነው፣ የቀረኝ ክሬዲት ይህን ያህል፣ ለመጨረሻ ጊዜ ያነበብኩት በዚህ ሰዓት። ጠዋት ያ መልእክት ካልመጣ ስልኩን ሄደህ ታየዋለህ። ያለዚህ «ዋጋው አልተሻገረም» እና «ስክሪፕቱ ሞቷል» አንድ ዓይነት ናቸው፤ ቅዳሜ የደረሰብህም ይኸው ነው።

የቆየ ዋጋ ሌላው የሚያታልል ነገር ነው። በመልሱ ውስጥ ለእያንዳንዱ ቤት last_update የሚል ሰዓት አለ። ጥያቄህ አሁን ቢሄድም ዋጋው ከሃያ ደቂቃ በፊት የተወሰደ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻዎቹ 90 ደቂቃዎች ከአምስት ደቂቃ በላይ የቆየ ዋጋ ካየህ አትላክ፣ መዝግበህ እለፍ። ይህ የሚሠራው የስልኩ ሰዓት ትክክል ከሆነ ነው፤ ባትሪው ተነቅሎ የተመለሰ ስልክ ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ተመልሶ ሊነሳ ይችላል፣ ያኔ ስሌቱ ብቻ ሳይሆን ግንኙነቱም አይሳካም። ሰዓቱን በኔትወርክ እንዲያስተካክል አድርገው።

የመጨረሻው ጥያቄህ፣ የውርርድ ቤታችሁን ድረ ገጽ በቀጥታ ስለማንበብ። አላደርገውም፤ አንተም አታድርገው። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ገጾች ዋጋውን የሚያመጡት ገጹ ከተከፈተ በኋላ በተናጠል ስለሆነ ገጹን ማውረድ ብቻ ባዶ ሠንጠረዥ ይሰጥሃል። አሳሽ በስክሪፕት እያስነሳህ ብታነብ ደግሞ ሳጥኖቹ ቦታ በቀየሩ ቀን ስክሪፕቱ ሳይሰበር የተሳሳተ ቁጥር ይዞልህ ይመጣል፤ የማሸነፍን ዋጋ ትቶ የድርብ ዕድልን ያነባል፣ አንተ አታውቅም። የቤቱ ደንብ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ስለሚከለክልም አካውንትህ ሊታገድ ይችላል፣ በውስጡ ካለው ገንዘብ ጋር።

ግን በጥያቄህ ጀርባ ያለ ግምት መስተካከል አለበት። ፊዱ 2.20 ሲል ሰፈርህ ያለው ቤት 2.20 ይከፍላል ማለት አይደለም፤ የእኛ አገር ቤቶች በዚህ ፊድ ውስጥ አልተካተቱም። ልዩነቱን ራስህ ለካው። የሦስቱን ውጤት ኦድ ለየብቻ 1ን አካፍልባቸውና ደምር። በፊዱ ላይ 2.20፣ 3.40 እና 3.50 ቢሆን ድምሩ 1.034 ገደማ ይመጣል፤ ከ1 የበለጠችው ሦስት በመቶ ተኩል የማትሞላ የቤቱ ድርሻ ናት። የሰፈሩ ቤት ለዚያው ጨዋታ 2.05፣ 3.20 እና 3.20 ቢሰጥ 1.11 ይመጣል፤ አሥራ አንድ በመቶ። እንዲህ ባለ ቤት የፊዱ 2.20 እዚያ 2.05 ነው። ስለዚህ ማንቂያው የሚነግርህ ገበያው መንቀሳቀሱን ብቻ ነው። ዋጋው የወጣውም ቤቱ ቸር ሆኖ ሳይሆን አጥቂው ከአሰላለፍ ስለቀረ ሊሆን ይችላል።

ምክሬ ይህ ነው፦ ክፍያውን ተወው፤ አንድ ቤት፣ አንድ ገበያ፣ 75 ጥሪ ለአንድ የጨዋታ ሰዓት፣ ሁለት መስመር፣ ፋይል ላይ የተጻፈ ሁኔታ፣ አሮጌ ስልክ። መልእክቱ ሲመጣ የቤቱን ዋጋ በዓይንህ አይተህ ወስን፤ ስክሪፕቱ ራሱ ትኬት እንዲቆርጥ የሚያደርግ ነገር አትጨምርበት። ከላይ እንዳየኸው የh2h_lay ዋጋ፣ የቆየ ዋጋ ወይም ጨዋታ ውስጥ የገባ ዋጋ አንድ ጊዜ ቢያመልጥ መልእክት ከሆነ ትስቅበታለህ፣ ትኬት ከሆነ ግን ገንዘብህ ነው።

ክሬዲትህ እስኪታደስ ድረስ ሥራ አታጣም። በላይ የጻፍኳቸውን ዘጠኝ ዋጋዎች ፋይል ላይ አስቀምጥና በኤፒአዩ ፋንታ ከዚያ እያነበብክ step የሚለውን ሞክረው፤ ሁለት መልእክት ብቻ መምጣት አለበት። ከዚያ መካከል ላይ ስክሪፕቱን ግደልና እንደገና አስነሳው፣ ያኔም ሁለት ብቻ። ቀጥሎ የስልኩን ዳታ አጥፍተህ 2.20 እንዲያነብ አድርግ፤ ዳታውን ስትመልስ መልእክቱ መድረስ አለበት። ሦስቱንም ካለፈ ቁልፉን አስገባለት።